ሥራ ላይ ተጎዳሁ፤ ምን መጠየቅ እችላለሁ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በርና መስኮት የሚሠሩ ትንንሽ የብረታ ብረት ወርክሾፖችን አይታችሁ ይሆናል። ብየዳው መንገድ ዳር፣ ግራይንደሩ ከጠዋት እስከ ማታ። ብዙ ጥያቄ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ስለሆነ እዚህ ያሉትን መልሶች በአንድ ወርክሾፕ ምሳሌ ላይ ተመሥርተን እንሄዳለን። ሕጉ የኢትዮጵያ ነው፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011።

ምሳሌው የተፈጠረ ነው፤ ነገሩ ግን የተለመደ ነው። ሠራተኛው በወር 6,000 ብር ይከፈለዋል። ትልቁ ግራይንደር ተበላሽቷል። ፎርማኑ የትንሹን ግራይንደር መከላከያ ፈትቶ የትልቁን ዲስክ ገጠመለትና «ለዛሬ በዚህ ጨርስ» አለው። ዲስኩ ፈነዳ። ሠራተኛው የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አጣ።

አሠሪው በሕግ ያለበት ግዴታ ምንድን ነው?

የአዋጁ አንቀጽ 92 ነው የሚነግረን። አሠሪው የሥራ ቦታውና የሥራው ሂደት ሠራተኛውን እንዳይጎዳ ማድረግ አለበት። መነጽር፣ ጓንት፣ የደህንነት ጫማ፣ እንደ ሥራው ዓይነት የሚያስፈልገውን ሁሉ ማቅረብ የእሱ ፋንታ ነው። ማቅረብ ብቻም አይበቃም። አጠቃቀሙን ማሳየት፣ ሥራው ምን አደጋ እንዳለው አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው አካል ማሳወቅም ግዴታው ነው።

ወደ ግራይንደሩ እንመለስ። ትንሹ ግራይንደር፣ ባለ 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚባለው፣ በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይሽከረከራል። የትልቁ፣ የባለ 230 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ግን የሚችለው 6,600 ዙር አካባቢ ነው። ትልቁን በትንሹ ላይ መግጠም ማለት ዲስኩን ከአቅሙ በላይ ማሽከርከር ነው። ደግሞ መከላከያው ካልተፈታ ትልቁ ዲስክ አይገባም። ስለዚህ ሁለቱ ስህተቶች ሁልጊዜ አብረው ይመጣሉ፦ ዲስኩን የሚያፈነዳው ነገርና ፍንጣሪውን የሚያስቆመው ነገር መነሳት። የሚፈቀደው የዙር መጠን ዲስኩ ላይ ተጽፏል። የመጠቀሚያ ጊዜውም በብዙዎቹ ዲስኮች መሃል ባለችው የብረት ቀለበት ላይ ታትሟል። ይህን ማንበብ፣ ትክክለኛውን ዲስክ መግዛትና የተበላሸውን መሣሪያ ከሥራ ማስወጣት የአሠሪው ጉዳይ ነው። ጓንት አድያለሁ ብሎ በዚህ ማለፍ አይቻልም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ካሳ ይከፈላል?

አዎ። ብዙ ሰው የማያውቀው ዋናው ነገር ይህ ነው። በሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ማስረዳት ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ የዚያ አሠሪ ሠራተኛ እንደነበረና ጉዳቱ በሥራው ላይ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ እንደደረሰ።

«ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር»፣ «ቸኩሎ ነው»፣ «እኔ ብሆን እንደዚያ አልይዘውም ነበር» የሚሉ ክርክሮች እዚህ ብዙም አያስኬዱም። ተራ ቸልተኝነት ካሳውን አያሳጣም። የሰው እጅ ሲደክም መሳቱን ሕጉ ያውቃል።

ታዲያ አሠሪው ነፃ የሚሆነው መቼ ነው?

ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። ሕጉ ሁለት ነገሮችን እንደ ሆን ተብሎ ይቆጥራል። አንደኛው አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደህንነት መመሪያ መጣስ ነው። ሁለተኛው ሰውነትንና አእምሮን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት ነው።

ክርክሩ የሚጦፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። አሠሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ «መነጽር አድርግ ብዬው ነበር» ማለቱ የተለመደ ነው። እዚህ ጋ የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ መመሪያው በግልጽ ተሰጥቷል? ተለጥፏል ወይስ በቃል ብቻ ነበር? መነጽሩስ በእርግጥ ለዚህ ሠራተኛ ተሰጥቶታል? ፈርሞ የተቀበለበት ሰነድ አለ? ደግሞ የመመሪያው መጣስ ለጉዳቱ ምክንያት መሆን አለበት። በምሳሌያችን ጣቶቹ ናቸው የተቆረጡት። መነጽር አለማድረጉ ለጣቶቹ መቆረጥ ምክንያት አይሆንም።

በሌላ በኩል ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። የደህንነት መሣሪያን መፍታት፣ ማንሳት ወይም ማበላሸት ለሠራተኛው የተከለከለ ነው። መከላከያውን ሠራተኛው ራሱ፣ «ያዘገየኛል» ብሎ፣ እንዳይነካ በግልጽ ተነግሮት ሳለ ቢፈታው ኖሮ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። እዚህ የፈታው ፎርማኑ ነው፣ ያዘዘውም እሱ ነው። ስለዚህ «ማን ፈታው?» የሚለውን የሚመሰክር የሥራ ባልደረባ ከማንም በላይ ያስፈልጋል።

ከሥራ ሰዓት ውጭ ወይም መንገድ ላይ ብጎዳስ?

የአሠሪውን ትእዛዝ እየፈጸማችሁ ከሆነ ከሥራ ቦታ ውጭም፣ ከሥራ ሰዓት ውጭም ይሸፈናል። በምሳ እረፍት ወይም ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሥራው ምክንያት ግቢው ውስጥ ሳላችሁ ቢደርስም እንደዚያው። መንገድ ላይ ግን ወሰን አለው። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በመደበው ወይም ለዚሁ ሥራ በተከራየው ሰርቪስ ውስጥ የደረሰ አደጋ የሥራ ላይ አደጋ ነው። በራሳችሁ ታክሲ ስትመጡ የደረሰ ግን በዚህ ድንጋጌ አይገባም።

በደረሰብኝ ቀን ምን ማድረግ አለብኝ?

በመጀመሪያ ሕክምና። አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና በተገቢ መጓጓዣ በአቅራቢያ ወዳለ ሕክምና ተቋም ማድረስ ግዴታው ነው። ወጪውም የእሱ ነው። ሕክምና ሲባል መርፌና ፋሻ ብቻ አይደለም። የቀዶ ሕክምና፣ የሆስፒታል አልጋ፣ መድኃኒት፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካል ይጨምራል።

ካርድ ሲወጣ ተጠንቀቁ። ይዟችሁ የሄደው የድርጅቱ ሰው ሐኪሙ «እንዴት ተጎዳ?» ሲል «ቤቱ ወድቆ» ብሎ ቢመልስ ያ ወረቀት በኋላ ችግር ይሆናል። ራሳችሁ ተናገሩ፦ «ሥራ ላይ፣ ግራይንደር ዲስክ ፈንድቶ»። እንዲህ ተብሎ መጻፉን አረጋግጡ። መናገር ካልቻላችሁ ቤተሰብ ይናገር።

ከዚያ ዲስኩ። በማግሥቱ ወርክሾፑ ተጠርጎ ስብርባሪው ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። የሚቻል ከሆነ የሥራ ጓደኛ በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ ያንሳ፦ ግራይንደሩን መከላከያ እንደሌለው፣ የተሰበረውን ዲስክ፣ በተለይ የዙር መጠኑ የተጻፈበትን ክፍል፣ መከላከያው ተፈትቶ የተጣለበትን ቦታም። አደጋውን ለአሠሪው በጽሑፍ አሳውቁና ኮፒ አስቀሩ። አሠሪው ያዘጋጀው የአደጋ ሪፖርት ካለም ኮፒውን ጠይቁ።

በማልሠራበት ጊዜ ደመወዝ ይከፈለኛል?

ይከፈላል፤ ግን እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ከአንድ ዓመት አያልፍም። ሐኪም «ድነሃል» ካለ ወይም የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ከተወሰነ ከዚያ በፊት ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ አሠሪ ጉዳቱን እንደ ተራ ሕመም አድርጎ «የሕመም ፈቃድ ሰጥቼዋለሁ» ይላል። የሕመም ፈቃድ ለሥራ ላይ ጉዳት አይደለም፤ ስሌቱም ሌላ ነው። በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው።

ሠራተኛችን በአምስት ወር ድኖ ወደ ሥራ ተመለሰ እንበል። በሥራ ላይ ጉዳት ስሌት ሦስት ወር ሙሉ 18,000፣ ሁለት ወር በ75 በመቶ 9,000፣ ጠቅላላ 27,000 ብር ያገኛል። በሕመም ፈቃድ ቢታሰብለት 6,000 ሲደመር 6,000፣ ጠቅላላ 12,000 ብር ብቻ። ልዩነቱ 15,000 ብር ነው፤ ከሁለት ወር ተኩል ደመወዝ ጋር እኩል። ልዩነቱን ያመጣው ፎርሙ ላይ የተጻፈችው አንዲት ቃል ናት። ስለዚህ የፈቃድ ፎርም ሲሰጣችሁ «ሕመም» የሚል ከሆነ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ጣቶቼ አይመለሱም። ለዘላቂው ጉዳት ስንት ነው የሚከፈለኝ?

በቅድሚያ የጉዳቱ መጠን በመቶኛ መታወቅ አለበት። ይህን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው፤ አሠሪውም፣ ዳኛውም፣ እናንተም አይደላችሁም። ቦርዱ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል። ሁኔታው ከባሰ ወይም ምርመራው ስህተት ከነበረ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የጡረታ ሕግ ይሸፍነኛል?» የሚለው ነው። የሚሸፍናችሁ ከሆነ ለዘላቂው ጉዳት የምትሄዱት ወደ ጡረታው ነው፤ ክፍያውም በራሱ ቀመር ነው የሚሰላው። የደመወዝ ወረቀታችሁን እዩ። በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል? አሠሪውስ የራሱን 11 በመቶ ያስገባል? የጡረታ መለያ ቁጥር አላችሁ? እነዚህን ከአደጋው በፊት ማወቅ ነው የሚሻለው።

በጡረታ ለማይሸፈን ሠራተኛ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ቀመሩ አንቀጽ 109 ላይ አለ። ጉዳቱ ጨርሶ ሥራ የማያሠራ፣ ማለትም ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነ የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው። ከዚያ ካነሰ ያንኑ በመቶኛው ልክ።

በምሳሌያችን ሠራተኛው ጡረታ የለውም፤ ቦርዱ 20 በመቶ አለ እንበል። የዓመት ደመወዙ 72,000 ብር። አምስት ዓመት ሲሆን 360,000። የዚህ 20 በመቶ 72,000 ብር። በሚያገግምበት ጊዜ ከተከፈለው 27,000 ጋር 99,000 ብር ይደርሳል። ሕክምናው ከዚህ ውጭ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ስሌቱ የሚሠራው በደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ ቦነስ፣ የትራንስፖርት አበል በሕጉ ደመወዝ አይባሉም። በወር 6,000 ደመወዝና 3,000 ትርፍ ሰዓት የሚያገኝ ሰው በ9,000 ሊታሰብልኝ ነው ብሎ ከጠበቀ ይደነግጣል።

ፊት ላይ የሚቀር ጠባሳ ያለበት ሰውም አይርሳ። ሥራ የማያስተጓጉል ቢሆንም መልክን ክፉኛ የሚያበላሽ ጉዳት ለካሳ ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጠራል።

72,000 ብር ለሁለት ጣት? ሌላ መጠየቅ አይቻልም?

ይቻላል፤ ግን ሌላ መንገድ ነው። አዋጁ የሚሰጠው ጥፋት ሳይቆጠር ስለሆነ መጠኑ የተወሰነ ነው። አሠሪው አጥፍቶ ከሆነ ሠራተኛው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ኃላፊነት መሠረት ተጨማሪ ካሳ የመጠየቅ መብቱ ተጠብቆለታል። እዚህ ግን ሸክሙ ወደ ሠራተኛው ይዞራል። ጥፋቱን ማስረዳት አለበት። የዲስኩ ፎቶ፣ የተፈታው መከላከያ፣ የፎርማኑ ትእዛዝ ዋጋ የሚያወጡት እዚህ ነው። የራስ ጥፋት ካለም ካሳውን ይቀንሳል።

መጠየቅ የሚቻለው ያጣችሁትና ወደፊት የምታጡት ገቢ ነው። ለአንድ ኪሳራ ሁለት ጊዜ ስለማይከፈል በአዋጁ ያገኛችሁት ሊታሰብ እንደሚችል ጠብቁ። ለደረሰው የሕሊና ጉዳትስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ከ1,000 ብር በላይ አይፈቅድም። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ክሱን ለማስጻፍ እንኳ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ጉልበታችሁን በገቢው ስሌት ላይ አውሉት። ለዚህኛው መንገድ ጠበቃ ማማከር ይሻላል።

አሠሪው «20,000 ልስጥህና እንስማማ» ብሎኛል። ልፈርም?

ገንዘቡን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ሌላ። ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ የሚመጣው ሠራተኛው አልጋ ላይ እያለ፣ የቤት ኪራይ ደርሶበት፣ ቦርዱ መቶኛውን ሳይወስን ነው። «ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ከሆነ መቶኛው ሳይታወቅ አትፈርሙ። ስንት እንደሚገባችሁ ሳታውቁ ስንት እንደተዋችሁም አታውቁም። መቀበል ካለባችሁ «ለሕክምናና ለወጪ በቅድሚያ 20,000 ብር ተቀብያለሁ» ብላችሁ ጻፉ። አሠሪው በዚህ ከተቆጣ ለምን እንደተቆጣ ገባችሁ ማለት ነው።

የጽሑፍ ውል የለኝም። በቀን ነው የሚከፈለኝ። መብት አለኝ?

አላችሁ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ወረቀት መስጠት ነበረበት። አለመስጠቱ የእናንተን መብት አያስቀርም። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። የባልደረቦች ምስክርነት፣ በቴሌብር ወይም በባንክ የገባ ክፍያ፣ ከፎርማኑ ጋር የተላላካችሁት መልእክት ሁሉ ያግዛል።

ሕንፃ ግንባታ ላይ «የእኔ ሳይሆን የሰብ ኮንትራክተሩ ሠራተኛ ነው» የሚል ክርክር ይመጣል። ማን ቀጠራችሁ፣ ማን ያዛችኋል፣ ማን ይከፍላችኋል የሚለውን ከአሁኑ አስቡበት። በሰው ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። ጥያቄያቸው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው።

መሣሪያው አደገኛ እንደሆነ እያየሁ መሥራት አለብኝ?

ብልሽቱን ወዲያው ማሳወቅ የእናንተ ግዴታ ነው። በጽሑፍ ይሁን፤ አጭር የስልክ መልእክትም ከምንም ይሻላል። ለደህንነታችሁ ወይም ለጤናችሁ የቀረበ አደጋ መኖሩ ተነግሮት አሠሪው በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካላስተካከለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ትችላላችሁ። የለቀቃችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡ። እንዲህ ከለቀቃችሁ የሥራ ስንብት ክፍያና በተጨማሪ የቀን ደመወዛችሁ በ30 ተባዝቶ ይከፈላችኋል። ሥራ መልቀቅ ለሁሉም እንደማይቻል ይገባኛል። ሳትለቁ ለአካባቢያችሁ የሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማመልከትም ይቻላል። ተቆጣጣሪው እንዲስተካከል ያዛል እንጂ ካሳ አይፈርድም።

ሠራተኛው ቢሞት ለቤተሰቡ ምን ይደረጋል?

የቀብር ወጪ ይሸፈናል። ጥገኞቹ በጡረታ ካልተሸፈኑ የአምስት ዓመት ደመወዝ ካሳ ይከፈላል። መነሻ ክፍፍሉ ለባል ወይም ለሚስት 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ በሟች ይጦሩ ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ነው። ድምሩ ከመቶ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ የሁሉም ድርሻ በተመጣጣኝ ይስተካከላል።

የት ነው የምከሰው? እስከ መቼ?

ለመደበኛው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ሠራተኛው የዳኝነት አይከፍልም። ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል፤ በተግባር ቀጠሮው ሊረዝም ይችላል። ቅር ካላችሁ ይግባኙ በ30 ቀን ውስጥ ነው።

ጊዜው ብዙ ሰው የሚሸነፍበት ቦታ ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ጥያቄ በአጠቃላይ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ደመወዝና መሰል ክፍያዎች ግን በስድስት ወር። «እስክድን ልጠብቅ»፣ «አሠሪዬ እከፍልሃለሁ ብሏል» እያላችሁ ጊዜው እንዳያልፍ። በሚያገግሙበት ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ ከቀረ የትኛው ይርጋ ይሠራል የሚለው ራሱ ሊያከራክር ስለሚችል ስድስት ወር ሳይሞላ ክስ ማቅረብ ነው የሚሻለው። አሠሪው እከፍላለሁ ካለ ቃሉን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በጽሑፍ የታመነ ዕዳ ይርጋውን ያቋርጣል፤ በቃል የተነገረው አያቋርጥም። በጥፋት ላይ የሚመሠረተው ሌላኛው ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት አለው።